ክብደት መቀነሻ ብለው ማወፈሪያ ሸጡልኝ፤ ሀዋሳ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፣ አጻጻፌ ቢንጋደድ ይቅርታ። ሀዋሳ ውስጥ የፕሮቲን ዱቄት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ክብደት ለመቀነስ ከሆነ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ትንሽ ቆዩ። የሱቁን ስም አልጠራም። ግን ታውቁታላችሁ፣ ሁሉም ያው ናቸው። ከጂሙ አጠገብ ያለች ጠባብ ሱቅ፣ መደርደሪያው ላይ ጥቋቁር ባልዲና ከረጢት፣ ግድግዳው ላይ ክንዱ የእኔን ጭን የሚያህል ፈረንጅ፣ ባንኮኒው ጋ ቲሸርቱ ሊቀደድ የደረሰ ልጅ። ኮቹ «ከእኔ ነው የመጣሁት በይው» ብሎ ይልካችኋል። የተለመደው ነው።

እኔ 78 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 163 ሴንቲ ሜትር፣ ዕድሜዬ 32። የፈለግኩት ቀስ ብዬ፣ ጡንቻዬ ሳይሟሽሽ፣ ወደ 65 ኪሎ መውረድ ነው። ኮቹ ወረቀት ሰጠኝ፤ በቀን 1,600 ካሎሪ፣ 120 ግራም ፕሮቲን፣ 50 ግራም ስብ፣ የቀረው ካርቦሃይድሬት። ከፕሮቲኑ 48 ግራሙ ከዱቄት ነው፤ ጠዋት አንድ ስኩፕ፣ ማታ አንድ ስኩፕ፣ እያንዳንዱ 24 ግራም ፕሮቲንና 120 ካሎሪ። ሌላው ከምግብ።

የሚያናድደው ወረቀቱ ልክ መሆኑ ነው። በኋላ ራሴ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ክብደት በ10 ይባዛል፣ 780። ቁመት በ6.25፣ ወደ 1,019። ከሁለቱ ድምር ላይ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፣ ማለትም 160፣ ከዚያ ለሴት 161 ይቀነሳል (ለወንድ በዚህ ፋንታ 5 ይደመራል)። ወደ 1,478 ይመጣል። ይሄ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ብውል ሰውነቴ የሚያቃጥለው ነው። ሥራ የምውል፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ጂም የምገባ ሰው ስለሆንኩ በ1.375 ሳባዛው ወደ 2,030 ይደርሳል። ከዚህ ላይ ወደ 430 ሲቀነስ 1,600። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ አካባቢ ስለሚይዝ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያነሰ እወርዳለሁ ማለት ነው። ቀስ ያለ ነው፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ፕሮቲኑም ቢሆን ልክ ነው። ለመድረስ የታሰበው 65 ኪሎ በ1.8 ሲባዛ 117 ግራም ይሆናል። አሁን ባለኝ 78 ያልተባዛው ትርፉ ስብ ስለሆነና ስብ ደግሞ ያን ያህል ፕሮቲን ስለማይፈልግ ነው። ምግብ ሲቀንስ ሰውነት የሚያቃጥለው ስብ ብቻ አይደለም፣ ከጡንቻም ይቆርሳል። በቂ ፕሮቲን የሚበላና ብረት የሚያነሳ ሰው ግን ጡንቻውን በአብዛኛው ይዞ ይቀራል፣ ረሃቡም ይቀልለታል። ለዚህ ነው ስንቀንስ ፕሮቲኑን ከፍ የምናደርገው። እስከዚህ ድረስ ኮቹን አላማም።

ሱቅ ገባሁ። «ክብደት ልቀንስ ነው፣ ፕሮቲን» አልኩ፣ ወረቀቱንም አሳየሁት። ልጁ አየት አድርጎ አንድ ትልቅ ጥቁር ከረጢት፣ አምስት ኪሎ ተኩል የሚጠጋ፣ ባንኮኒው ላይ ዘፍ አደረገው። ፊቱ ላይ በትልቁ 50 ግራም ፕሮቲን ይላል። 24 ሲደመር 24 ያው 50 አካባቢ ነው አይደል? ጀርባው ላይ ደግሞ የሱቁ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል፣ መዳፍ የሚያህል። «ወር ከዚያም በላይ ይቆይሻል፣ በውሃ ጠጪው» አለኝ። ዋጋውን አልናገርም፣ እናቴ ይሄን ጽሑፍ ልታየው ትችላለች።

እንደተባልኩት ጠጣሁ፣ እንደተጻፈልኝ በላሁ። ወር ሳይሞላ ከረጢቱ ሊያልቅ ደረሰ። ሚዛን ላይ ስወጣ ሁለት ኪሎ ገደማ ጨምሬያለሁ።

ተመለስኩ። «ወንድሜ፣ ክብደቴ እኮ ጨመረ» አልኩት።

ከስልኩ ቀና ሳይል «ጡንቻ ነው» አለኝ።

«በዚህ ጊዜ ሁለት ኪሎ ጡንቻ?»

«ሰውነትሽ ተቀብሎታል ማለት ነው። ሳታቋርጪ ሁለተኛውን ውሰጂ።»

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ ቀጭን ልጅ ገባ። ተማሪ ይመስላል፣ ሱሪውን በቀበቶ አስሮ ነው ያቆመው። «መወፈር ፈልጌ ነበር» አለ፣ አፈር ብሎ። ሻጩ ስልኩን አስቀመጠና ተነሳ። እጁን ሰደደ። ያንኑ ጥቁር ከረጢት አወረደ። ያንኑ! «ይሄን ጠጣ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። በሁለት ወር እናትህ አታውቅህም» አለው።

እኔ እኮ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነኝ። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

«ይሄ ለእኔ የሸጥክልኝ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሱ እንደ አጠቃቀሙ ነው። አንቺ በውሃ፣ እሱ በወተት።»

ከረጢቱን አዞርኩና የዋጋውን ወረቀት በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ። «እህት፣ ዕቃ አታበላሺ» ይለኛል። ላጥኩት። ከሥሩ ሰንጠረዡ አለ። አንድ መጠን 300 ግራም ነው፣ ሁለት ስኩፕ። ፕሮቲን 50 ግራም፣ ስብ 6 ግራም፣ ካርቦሃይድሬት 230 ግራም። ካሎሪ 1,170 አካባቢ። ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በግራም 4 ካሎሪ፣ ስብ 9 ካሎሪ ነው፤ ደምሩትና ታገኙታላችሁ። ማስ ጌይነር ነው፣ የማወፈሪያ ዱቄት። የይዘት ዝርዝር ሲጻፍ በብዛት ያለው መጀመሪያ ይቀመጣል፤ እዚህ መጀመሪያ የተጻፈው ማልቶዴክስትሪን ነው፣ ማለትም ከስታርች የሚሠራ፣ ሆድ ውስጥ ቶሎ ስኳር የሚሆን ዱቄት።

«1,170 ካሎሪ! ወረቀቱ ላይ 240 ነው የሚለው» አልኩት። ወደ ቀጭኑ ልጅ ዞሮ ፈገግ አለና «ሂሳብ ከወደድሽ ባንክ ተቀጠሪ» አለኝ። ገንዘቤን ስጠይቅ የተከፈተ አይመለስም። ደረሰኝ ሲባል ድሮም አልሰጠኝም። ኮቹ ጋ ስደውል «እኔ ሻጭ አይደለሁም» ብሎ ዘጋው። ወረቀቱ ለዌይ ፕሮቲን፣ ማለትም ከወተት ለሚወጣ የፕሮቲን ዱቄት የተሠራ ነው፣ ሱቁ ያወጣው ጌይነር፣ ኮሚሽኑ ግን እኩል ይገባል።

አሁን ሂሳቡን እዩት። ከምግብ 1,360 እበላ ነበር፣ በዚያ ላይ 1,170። 2,530 ሆነ። ከማቃጥለው 2,030 በ500 ይበልጣል። በግማሽ ወር ብቻ ወደ አንድ ኪሎ ስብ ነው። የተቀረው ሚዛን ላይ ያየሁት በአብዛኛው ውሃ ሳይሆን አይቀርም፤ ካርብ ሲበዛ ጡንቻ ውስጥ ይከማቻል፣ ሲከማች ደግሞ ውሃ ይዞ ነው።

እኔን የበላኝ የቱ መሰላችሁ? ፕሮቲኔ ልክ መሆኑ። ከምግብ 72፣ ከዱቄቱ 50፣ 122 ግራም። ግራሙን ብቻ የሚቆጥር ሰው ምንም ስህተት አያይም። ድርሻውን ሲያዩት ነው የሚገለጠው፤ በወረቀቱ ፕሮቲን ከቀኑ ካሎሪ 30 በመቶ ነበር፣ እኔ የኖርኩት ግን 19 በመቶ ላይ ነው። ፕሮቲኑን ሳይነኩ ዙሪያውን በስታርች ሞሉት።

ጌይነር መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። ለዚያ ቀጭን ልጅ ልክ ነው፣ እሱ የፈለገውን ገዛ። ለእኔ ነው የተዋሸው።

ደግሞ ለዚህ ከተማ ሰው ዱቄት ምን ያደርግለታል? አሞራ ገደል አሳ ገበያ ወርዳችሁ ቆሮሶ ፊሌቶ ግዙ። የበሰለ 200 ግራም ወደ 52 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ካሎሪው 260 ብቻ። ሦስት እንቁላል 18፣ 200 ግራም የበሰለ ምስር 18፣ 100 ግራም አይብ 14 አካባቢ። 102 ደረሰ። የቀረውን እንጀራውና ሌላ ሌላው ይሞላዋል። ያለ ምንም ከረጢት። ችግሩ ዘይት ነው። ዘይት ውስጥ ዋኝቶ የወጣ አሳ ጥብስ ሂሳቡ ሌላ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ይዛለች፣ ከ50 ግራም ስብ ላይ እንቁላሉ፣ አይቡና አሳው ድርሻቸውን ወስደው ለወጥና ለመጥበሻ የሚተርፈው ለቀኑ ሁለት ማንኪያ አይሞላም። ሽሮም ፕሮቲን አለው ይባላል፣ አዎ አለው፣ ግን ከዘይቱ ጋር ስትቆጥሩት ለዚህ ዓይነት ሂሳብ ዋና ምንጭ አይሆንም።

በጾም ምስርና ሶያ ሥጋ። ሶያው ደረቁ ሲመዘን ግማሹ ገደማ ፕሮቲን ስለሆነ ለጾመኛ ከሁሉ ይሻላል።

የግድ ዱቄት ካላችሁ ደግሞ እዚያው ባንኮኒው ላይ ስልካችሁን አውጡና የአንዱን መጠን ካሎሪ ለፕሮቲኑ ግራም አካፍሉት። ደህና ዌይ 120 ለ24 ነው፣ 5 ይመጣል። የእኔ 1,170 ለ50፣ ከ23 በላይ። 7 ወይም 8 ካለፈ ለመቀነሻ የሚሆን አይደለም፣ ፊቱ ላይ ምንም ይጻፍበት። ሰንጠረዡ ላይ ወረቀት ከተለጠፈ አስልጡት፣ እምቢ ካለ ውጡ። ኩላሊት የሚያማችሁ ፕሮቲን ከማብዛታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር እንዳትከፍሉ፣ እኔ አሁን ለማን ብዬ በምን እከሳለሁ?