ደሴ ላይ ኒውትራል ሲጠፋ፦ ስለ ኤሌክትሪሺያኑና ስለ ቲቪ ጠጋኙ

ከውጭ መጥቼ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ አክስቴ ቤት አርፌ ነበር። ዛሬ ስለ ሁለት ባለሙያዎች ብቻ።

ቤቱ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ማድ ቤቱ በአንዱ፣ ሳሎኑ በሌላው ፌዝ ላይ ነው። አክስቴ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን አበራች። ምጣዱ አልግል አለ፤ የማድ ቤቱ አምፖልም ክሩ ብቻ ቀላ። ሳሎን ደግሞ መብራቱ ዓይን እስኪወጋ ቦግ አለ። ወዲያው ቴሌቪዥኑ ጠስ ብሎ ሸተተ። ብሬከሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ፣ «እትዬን ዋናውን ብሬከር ያውርዱት በላቸው። አንድ በአንድ እንዳትነቅሉ!» አለኝ። ለዚህች ቃል ብቻ አምስት ኮከብ ይገባዋል። አንዱ ፌዝ ላይ ያለ ዕቃ በተነቀለ ቁጥር እዚያው በቀረው ላይ ቮልቴጁ ይብስበታል።

መጥቶ ወረቀት ላይ አሳየኝ። እያንዳንዱ ፌዝ 220 ቮልት የሚያገኘው ኒውትራል የሚባለው የጋራ መመለሻ ሽቦ ሲኖር ነው። ኒውትራል ሲቋረጥ የማድ ቤቱና የሳሎኑ ዕቃ ተከታትለው በሁለት ፌዝ መካከል ይገባሉ፤ 380 ቮልቱን ይካፈሉታል። ክፍፍሉ ግን እኩል አይደለም። ምጣዱ 3,500 ዋት ነው፤ ሳሎን የነበረው ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና አምፖል ተደምሮ 500 ዋት ግድም። ብዙ የሚበላው ወገን 50 ቮልት ያህል ሲደርሰው፣ ትንሽ የሚበላው 330 ይወርድበታል። የሚያልፈው ከረንት ደግሞ ከ4 አምፒር በታች ነው። ብሬከር የሚወርደው ከረንት ሲበዛ ስለሆነ ዝም አለ።

ከተራ የመብራት መድከም የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲደክም ሁሉም ይደክማል። አንዱ ክፍል ፈዞ ሌላው ከደመቀ፣ በተለይ ምጣድ ሲበራ ከደመቀ፣ ኒውትራሉን ጠርጥሩ።

ዕቃው ሁሉ ከተነቀለ በኋላ ለካ። ፌዝ ከፌዝ 380 ደህና ነው፤ ፌዝ ከኒውትራል ግን አምፖል ባበራ ቁጥር ይዋልላል። ጥፋቱ ቦርዱ ውስጥ ተገኘ፦ የኒውትራሉ ብሎን ላልቶ፣ ሽቦው ጠቁሮ። ቆርጦ አዲስ ጫፍ አሰረው። ምሰሶ ላይ ቢሆን ኖሮ የመስመር ሠራተኛ እንጂ እሱ አይነካውም።

ቲቪ ጠጋኙ ሦስት ኮከብ ይበቃዋል። ሥራው ደህና ነው፤ የተቃጠለውን የፓወር ቦርድ ቀይሮ አስነሳው። ግን «ይህ ሁለተኛ አያቃጥልባችሁም» እያለ ትንሽ ስታቢላይዘር ሊሸጥልን ደከመ። 330 ቮልት ሲመጣ እሱም አብሮ ሊቃጠል ይችላል። ኤሌክትሪሺያኑ ያስገባልን ቮልቴጅ ሲበዛም ሲያንስም የሚቆርጥ መከላከያ ነው፣ ለየፌዙ።

ቤታችሁ ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ መልኩ ይለያል። የራሳችሁ ኒውትራል ሲበጠስ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ የተሰካ ዕቃ ካለ ግን ቴስተሩ በሁለቱም የሶኬት ቀዳዳ ሊበራ ይችላል። የሰፈሩ መስመር ኒውትራል ከተበጠሰ ደግሞ አንዱ ቤት ሲፈዝ የጎረቤት ይደምቃል። ያኔም መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር፣ ከዚያ ስልኩን።