ከሐዋሳ ያቤሎ በአውቶቡስ፦ ሰባት ወር የተጫወትኩት የስልክ ጨዋታ

በየወሩ ለሥራ ከሐዋሳ ወደ ያቤሎ እመላለሳለሁ። በማለዳ ከመናኸሪያ ተነስተን በዲላና በቡሌ ሆራ አልፈን እስክንደርስ፣ የምሳና የፍተሻ ማቆሚያው ተጨምሮበት የቀኑ ትልቁ ክፍል ያልቃል። ኔትወርኩ በመንገዱ ላይ ይመጣል ይሄዳል፤ በምሳፈርበት አውቶቡስም ስልክ የሚሰካበት ቦታ የለም። ስልኬ ሁለት ዓመት ያገለገለ፣ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ተራ አንድሮይድ ነው። ሌሎቹን ጨዋታዎች አጥፍቼ ያስቀረሁት አንድ አፕ ብቻ ሲሆን፣ በፕሌይ ስቶር ላይ Simon Tatham's Puzzles በሚል ስም ይገኛል።

አፑ ወደ 40 የሚጠጉ የሎጂክ እንቆቅልሾች ስብስብ ነው። መነሻው ፑቲ የተባለውን፣ የኔትወርክ ባለሙያዎች ሁሉ የሚያውቁትን ፕሮግራም የሠራው ሳይመን ታተም ነው። ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፤ እያንዳንዱን እንቆቅልሽ እዚያው ስልኩ ላይ ስለሚፈጥር ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ከዚህ በፊት ስለተታለልኩ ነው። «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» የተባለ አንድ የመኪና ጨዋታ ቤት ውስጥ በደንብ ሲከፈት ቆይቶ፣ መንገድ ላይ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ግን ኔትወርክ ካላገኘሁ አልከፈትም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጨዋታ በጉዞው ዋዜማ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጌ፣ አጥፍቼ አብርቼ ሳልከፍተው አልተማመንበትም።

የባትሪው ነገር ዋናው ጉዳይ ነው። የመኪናው ጨዋታ እኔ ባልነካውም ምስሉን በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ ስለሚስል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከባትሪዬ 18 በመቶ ያህል ይወስድ ነበር፤ ስልኩም ይግል ነበር። እንቆቅልሾቹ ግን እኔ እያሰብኩ ባለሁበት ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ፕሮሰሰሩ ያርፋል፤ ባትሪ የሚበላው የስክሪኑ መብራት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በአውሮፕላን ሁነታ፣ መብራቱን ወደ ታችኛው ሩብ አውርጄ፣ ሦስት ሰዓት ስጫወት ከ80 ወደ 64 በመቶ ወርዶልኛል። ሁነታውን ረስቼ በተጓዝኩበት ቀን ግን ስልኩ የጠፋውን ኔትወርክ እየፈለገ በጉልህ የበለጠ ወስዷል። ጥቁር ገጽታውንም ሞክሬዋለሁ፤ ነገር ግን የኔ ስክሪን ከኋላው መብራት ያለው ኤልሲዲ በመሆኑ ለዓይኔ እንጂ ለባትሪዬ አልጠቀመኝም። ኦሌድ ስክሪን ያለው ሰው ግን ትርፉን ያየዋል።

ብዙ የተጫወትኩት Mines የተባለውን ነው። ፈንጂዎቹ ያሉበትን ሳጥን ሳይነኩ ሌላውን ሁሉ መክፈት ነው፤ ቁጥሩ በዙሪያው ስንት ፈንጂ እንዳለ ይናገራል። የድሮው የኮምፒውተር ፈንጂ ጨዋታ አንዳንዴ በዕድል ያስመርጥ ነበር፤ ይህኛው ግን በነባሪ ቅንብሩ ያለ ግምት ሊፈታ የሚችለውን ብቻ ነው የሚያቀርበው። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት አንገቱን አስግጎ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ዝም ብለህ አንዱን ንካው እንጂ» አለኝ። ባልተከፈቱ ሳጥኖች ጠርዝ ላይ 1፣ 2፣ 1 ተደርድረው ነበር። ከ2ቱ ትይዩ ያለው መካከለኛው ሳጥን ፈንጂ ቢሆን ሁለቱም 1ዶች በእርሱ ስለሚሞሉ፣ ግራና ቀኙ ባዶ ይሆኑና 2ቱ ሁለተኛ ፈንጂ ያጣል። ስለዚህ መካከለኛው ደኅና ነው፤ ፈንጂዎቹ በሁለቱ 1ዶች ትይዩ ናቸው። ይህን ሳሳየው ስልኩን ተቀብሎኝ እስከ ቡሌ ሆራ አልመለሰልኝም።

ጉድለቱን አልደብቅም። አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲመታ ጣት ከታሰበበት ሳጥን አጠገብ ያርፋል፤ ፈንጂ አለበት ባልኩት ሳጥን ላይ የምልክት ባንዲራ ለመትከል ጣትን አስረዝሞ መጫን ስለሚያስፈልግም ስህተቱ ይበዛል። መድኃኒቱ ከፈነዳም በኋላ ወደ ኋላ መመለስ መቻሉ ነው፤ ጨዋታው ሞትን ቆጥሮ ይጽፋል እንጂ አያባርርም። እኔም 9 በ9 ከሆነው አልበልጥም፤ ሰፊው ሰሌዳ ለአስፋልት ነው። ሁለተኛው ችግር Solo በተባለው ሱዶኩ ላይ Unreasonable የሚለውን ደረጃ ስመርጥ ይገጥመኛል፦ አዲስ ጨዋታ ለመፍጠር አንዳንዴ ረጅም ጊዜ ይፈጅና፣ ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ በሙሉ አቅሙ ስለሚሠራ የቆጠብኩት ባትሪ ይባክናል። ስለዚህ እርሱን ቤት ውስጥ ቻርጀር ላይ እያለ ፈጥሬ ጀምሬው እወጣለሁ፤ ሲከፈት ካቆምኩበት ይቀጥላል። ድምፅ የለውም፤ ጽሑፉም እንግሊዝኛ ነው፤ ታሪክና ጀግና የሚፈልግ ሰው ይሰለቸዋል።

ከጨዋታው ውጭ የሆነች ነገር ግን ባትሪውን የምትነካ አንዲት ልማድ አለችኝ። በማለዳ ወደ ደቡብ ስንወርድ ፀሐይ በግራ በኩል ስለምትገባ በበሩ በኩል ባለው ወንበር እቀመጣለሁ፤ በማለዳ ስመለስ ደግሞ ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ረድፍ። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ካረፈች መብራቱን እስከ ላይ መጨመር ግድ ይሆናል፤ ያኔ ከላይ የጻፍኩት ቁጥር አይሠራም።