የ62 መስመር የምግብ ዝርዝር በሦስት ፕሮግራም፦ ብዙ ጠቋሚ የትኛው ላይ ይሻላል?

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ፒያሳ ያለው የጽሕፈት ቤታችን ሥራ መልኩን ይለውጣል። በሌላው ጊዜ ማመልከቻና ውል ስንጽፍ እንከርምና፣ ከገና ማግስት ጀምሮ ምግብ ቤቶች የዋጋ ዝርዝራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ለወረቀት ይፈልገዋል፣ ሌላው ለድረ ገጹ። ዝርዝሩ ግን ሁልጊዜ በስልክ ተጽፎ በቴሌግራም የተላከ ነው፤ ይህን ይመስላል፦

```
ሽሮ ፈሰስ - 120 ብር
የጾም በያይነቱ - 150 ብር
የጎርጎራ አሳ ጉላሽ - 280 ብር
ዶሮ ወጥ - 450ብር
```

ለድረ ገጽ ሲሆን እያንዳንዱ መስመር እንዲህ ሆኖ መግባት አለበት፦

```
<li>ሽሮ ፈሰስ <b>120</b></li>
```

አራት መስመር ቢሆን በእጅ ያልቃል። አንድ ዓመት የመጣልኝ ግን 62 መስመር ነበር፣ ባለቤቱም ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀምጦ ይጠብቃል። ብዙ ጠቋሚ የሚባለው ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ብልጭ ድርግም የምትለው ቀጭን መስመር አንድ መሆኗ ይቀርና በ62ቱም መስመር ላይ ትቆማለች፤ አንዴ የጻፉት 62 ቦታ ይጻፋል፣ አንዴ የሰረዙት 62 ቦታ ይሰረዛል።

ቤታችን ካሉት ኮምፒውተሮች በአንዱ ቪኤስ ኮድ፣ በሌላው ሰብላይም ቴክስት፣ በአሮጌው ደግሞ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ተጭኗል። ሦስቱም ጽሑፍና ኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች ናቸው። ሁሉም በዊንዶውስ ነው የሚሠሩት፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁልፎችም የዊንዶውስ ናቸው። ያንኑ ዝርዝር በሦስቱም ሠርቼዋለሁ።

በቪኤስ ኮድ ልጀምር። በመጀመሪያው መስመር ላይ ሰረዙን ከግራና ከቀኝ ክፍት ቦታው ጋር በመዳፊት እመርጣለሁ፤ ከዚያ `Ctrl+Shift+L` ስጫን በፋይሉ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ሁሉ አብሮ ይመረጣል። እዚህ ላይ እጄን ከቁልፉ አነሣና ከመስኮቱ ግርጌ አነባለሁ። `62 selections` ካለ ጥሩ። 63 ካለ ሁለት ሰረዝ ያለው መስመር አለ ማለት ነው፤ «ጥብስ - በሸክላ - 400 ብር» የሚል መስመር በየዝርዝሩ አይጠፋም። 61 ካለ ደግሞ አንዱ መስመር ላይ ስልኩ አጭሩን ሰረዝ ወደ ረጅም ሰረዝ ቀይሮታል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለፕሮግራሙ ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ቁጥሩ 62 ሊመጣ ስለሚችልም አንዴ ወደ ታች ወርዶ ማየት አይጎዳም። ችግር ካለ በ`Esc` ወጥቼ መስመሩን አስተካክላለሁና እንደገና እመርጣለሁ።

ቁጥሩ ከገጠመ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በተመረጠው ሰረዝ ፋንታ ክፍት ቦታና `<b>` እጽፋለሁ። `Home` ስጫን 62ቱም ጠቋሚዎች ወደየመስመራቸው መጀመሪያ ይሄዳሉ፣ `<li>` እጽፋለሁ። ቀጥሎ `End` ነው፤ ሁሉም ጫፍ ላይ ይሰለፋሉ፣ መዝጊያውን `</b></li>` የምጽፈውም እዚያ ነው።

ያንን ዓመት የተሰናከልኩት እዚህ ጫፍ ላይ ነው። « ብር» የሚለው ክፍት ቦታውን ጨምሮ ሦስት ፊደል ነው ብዬ የኋሊት ማጥፊያውን ሦስት ጊዜ መታሁ። ከላይ ያለውን የመጨረሻ መስመር ልብ በሉ፤ «450ብር» ተጣብቆ ነው የተጻፈው። ሦስተኛው ምት ክፍት ቦታ ሲያጣ ዜሮዋን በላት፣ ዶሮ ወጥም 45 ብር ሆኖ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ያገኘው ሰው ደውሎ ሁለት ሙሉ ዶሮ ወጥ ማዘዙን የሰማሁት ከምግብ ቤቱ ባለቤት ነው፤ እሱ እየሳቀ ነገረኝ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠቋሚ ይዤ ምት ቆጥሬ አልሰርዝም። የሚጠፋው ነገር ራሱ ይመረጣል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ብር» የሚለውን ብቻ መርጬ በ`Ctrl+Shift+L` ሁሉንም እይዛለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ አጠፋለሁ። «ብርዝ» ወይም «ብርቱካን» በዝርዝሩ ካለ ቁጥሩ ወዲያው ያጋልጠዋል። ተጣብቆ የተጻፈውም ተለያይቶ የተጻፈውም በዚህ መንገድ እኩል ይጠፋል፤ ከቁጥሩ በኋላ የሚቀረውን ክፍት ቦታ ድረ ገጹ አያሳየውም።

ሰብላይም ላይ ሥራው ያው ሆኖ ሁሉንም የሚይዘው ቁልፍ `Alt+F3` ነው፤ ግርጌው ላይም `62 selection regions` ብሎ ይቆጥራል። በፍጥነት ከሦስቱ የሚበልጠኝ እሱ ነው፤ ከባድ ፋይል ከፍቼ እንኳ ጠቋሚዎቹ ከጣቴ ወደ ኋላ አይቀሩም። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ግን እዚህ ሥራ ላይ ዘግይቶ የመጣ ነው። ብዙ ጠቋሚው ድሮም ቢኖር ከቅንብሩ ገብቶ ማብራት ያስፈልግ ነበር፤ በ2023 ከወጣው 8.6 ወዲህ ግን ራሱ በርቶ ይመጣል፣ `Edit` ከሚለው ምናሌ ሥርም `Multi-select All` የሚል ትእዛዝ ተጨምሮለታል። አሮጌ ቅጂ ያለው ሰው ትእዛዙን ፈልጎ ቢያጣው ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ አዲሱን ያውርድ።

ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት ግን ቁልፎቹን ነው። አንድ ዓይነት ቁልፍ በየቤቱ ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችላል፦

| ቁልፍ | ቪኤስ ኮድ | ሰብላይም ቴክስት | ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ |
|---|---|---|---|
| `Ctrl+D` | ቀጣዩን ተመሳሳይ ይጨምራል | ቀጣዩን ተመሳሳይ ይጨምራል | መስመሩን ይደግማል |
| `Ctrl+Shift+L` | ተመሳሳዩን ሁሉ ይይዛል | የተመረጠውን በየመስመሩ ይከፍላል | መስመሩን ይሰርዛል |
| ጠቋሚ በመዳፊት መጨመር | `Alt` ይዞ መጫን | `Ctrl` ይዞ መጫን | `Ctrl` ይዞ መጫን |

ሁለተኛውን ረድፍ ደግማችሁ እዩት። የቪኤስ ኮድ ልማድ ይዞ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ የተቀመጠ ሰው 62 መስመር ልይዝ ነው ሲል አንድ መስመር ያጠፋል፣ ብዙ ጊዜም ልብ አይለውም።

`Ctrl+D` ስለሚባለው ቀስ ያለ መንገድ ትንሽ ልጨምር፤ ለአማርኛ ጽሑፍ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስፈልገው እሱ ነውና። ባለቤቱ «አሳ» የሚለው ሁሉ «ዓሣ» ተብሎ ይታረም አለኝ እንበል። ጠቋሚውን ቃሉ ውስጥ ብቻ አስቀምጬ `Ctrl+D` ከጀመርኩ፣ ቪኤስ ኮድም ሰብላይምም ራሱን የቻለውን ቃል ብቻ ይፈልጋሉ፤ «የአሳ» እና «ከአሳ» ስለተጣበቁ ይዘለላሉ። ሁለቱን ፊደላት በእጄ መርጬ ከጀመርኩ ደግሞ «የአሳ»ን ያገኛሉ፣ ግን «አሳላፊ»ንም ይዘው ይመጣሉ። አማርኛ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ስለሚያጣብቅ ሁለቱም መንገድ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በእጅ መርጬ እጀምርና አንድ በአንድ በ`Ctrl+D` እሄዳለሁ፤ የማልፈልገው ሲመጣ `Ctrl+K` ከዚያ `Ctrl+D` ይዘለዋል፣ በስሕተት የጨመርኩትን ደግሞ `Ctrl+U` ይመልሰዋል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስም ቀጣዩን የሚጨምርና የሚዘልል ትእዛዝ በምናሌው አለው፤ ቁልፉን ግን ራስዎ ቢመድቡለት ይሻላል፣ ለእያንዳንዱ ቃል ምናሌ መክፈት ያሰለቻልና።

መዳፊት ጎትቶ ዓምድ መምረጥን በአማርኛ ላይ አልመክርም፣ በሦስቱም። የእንግሊዝኛ ፊደል በእነዚህ ፕሮግራሞች እኩል ስፋት ስላለው ዓምዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የእኛ «ጭ» እና «ር» ግን ወርዳቸው አይመጣጠንም፤ ላይ ከሰረዙ አጠገብ የጀመረው ሳጥን ታች ሲደርስ ፊደል መሃል ይገባል። በምልክት ይያዙ፣ በ`Home` እና በ`End` ይንቀሳቀሱ። ረጅም መስመር ተጠቅልሎ ከታች የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ መጠቅለያውን አስቀድመው ያጥፉት፣ `End` የሚታየው መስመር ጫፍ ላይ ሊቆም ይችላልና። በቪኤስ ኮድ `Alt+Z` ያጠፋዋል።

አንድ ነገር ግን አሮጌው ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ሁለቱንም ያስከነዳል፤ ተራ ቁጥር። ምግቦቹ ከ1 እስከ 62 ቁጥር ይሰጣቸው ሲባል የመጀመሪያው መስመር መጀመሪያ ላይ ቆሜ `Alt+Shift` ይዤ በታች ቀስት እወርዳለሁ፣ `Alt+C` ስጫን ከስንት ይጀምር፣ በስንት ይጨምር ብሎ የሚጠይቅ መስኮት ይወጣል። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ የፊደል ስፋት ጣጣ የለበትም። ሰብላይምም `Arithmetic` በሚለው ትእዛዙ `i+1` ብለው ቢሰጡት ይቆጥራል። ቪኤስ ኮድ ላይ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ በምናሌው የለም፣ ተጨማሪ መጫን ይቀላል፤ ይህን ያህል ፕሮግራም ለምን ይህን እንደነፈጉት አይገባኝም።

የገንዘቡ ነገር እንዲህ ነው። ቪኤስ ኮድና ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በነጻ ናቸው። ሰብላይም ለአንድ ሰው 99 ዶላር ነው፤ በእሱ የሦስት ዓመት ማሻሻያ ያገኛሉ፣ ከዚያ በኋላም ያለዎት ቅጂ መሥራቱን አያቆምም። ለሙከራ የተወሰነ ቀን የለውም፣ ብቻ ፋይል ሲያስቀምጡ አልፎ አልፎ ግዙኝ ይላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በብር ካርድ ብቻ የሚኖር ሰው ከመወሰኑ በፊት ይህን ያስብ። ለአንድ የምግብ ዝርዝር ሥራ 99 ዶላር አላወጣም ነበር፤ የእኛን የገዛልን ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው።

4 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ባለው ኮምፒውተር ላይ ከአሳሽ ጋር አብሮ ለሚሠራ ሰው ቪኤስ ኮድ ይከብዳል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ በፍላሽ ይዞ መዞርም ይቻላል። ማሽኑ 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት ከሆነ፣ ቪኤስ ኮድን ይውሰድ፤ ግርጌው ላይ የሚቆጥረው ቁጥር ብቻውን ለእኔ በቂ ምክንያት ነው። የእሱም ልክ ግን አለ፤ ካልቀየሩት በቀር ከ10,000 ጠቋሚ በላይ አይዝም። ያን ያህል መስመር ያለው ሰው ፈልጎ መተኪያውን ይጠቀም፣ ጠቋሚ ዓይን ሊከታተለው ለሚችል ነገር ነው።