ወለድ ሲጨምር፣ ዕዳ ቀድሞ ሲከፈል፦ የባንኩ ሰሌዳ፣ የስልክ አፕ ወይስ የራስ ኤክሴል?

ብድር ስትወስዱ ባንኩ አንድ የመክፈያ ሰሌዳ አትሞ ይሰጣችኋል። በየወሩ ስንት እንደምትከፍሉ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ወለድ፣ ስንቱ ዋና ገንዘብ እንደሆነ፣ ቀሪ ዕዳችሁም ስንት እንደሚሆን ያሳያል። ችግሩ የሚመጣው ወለዱ የተለወጠ ወይም እጃችሁ ላይ የተረፈ ገንዘብ ባንክ ገብታችሁ የከፈላችሁ ቀን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ወረቀት የሚነግራችሁ ቀሪ ዕዳ እውነተኛው አይደለም። ታዲያ በየወሩ ትክክለኛውን ቀሪ ለማወቅ ምን ልያዝ? ሦስት አማራጭ አለ፤ በአንድ ምሳሌ ላይ ጎን ለጎን እንያቸው።

ምሳሌው የባሕር ዳር ይሁን። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ባለጀልባ ለአዲስ ሞተር 300,000 ብር ይበደራል። ጊዜው 36 ወር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ኅዳር ላይ። ወርሃዊ ክፍያው 10,547.11 ብር ይሆናል። ልክ በዓመቱ፣ ማለትም በ13ኛው ወር፣ ባንኩ ወለዱን ወደ 18 በመቶ ያሳድጋል። በ15ኛው ወር ጥር ይገባል። የጥምቀት ገበያ ጥሩ ስለነበር ባለጀልባው ከወሩ ክፍያ ሌላ 40,000 ብር ቀድሞ ይከፍላል።

የባንኩ ሰሌዳ

ሲጣሉም ሲስማሙም ዳኛው እሱ ነው። ውሉ ላይ የተፈረመው የባንኩ ሂሳብ እንጂ የእናንተ ኤክሴል አይደለም። ነገር ግን የታተመው ወረቀት የታተመበትን ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። በምሳሌያችን ከ12ኛው ወር ክፍያ በኋላ ቀሪው 215,409 ብር ነው፤ እስከዚህ ድረስ ወረቀቱ ልክ ነው። ከ13ኛው ወር ጀምሮ ግን የወሩ ወለድ ከ2,872 ብር ወደ 3,231 ብር ይዘላል። ባንኩ ብድሩን በ36ኛው ወር ለመጨረስ ወርሃዊ ክፍያውን ወደ 10,754.12 ብር ያሳድገዋል። ጭማሪው 207 ብር ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ወረቀቱም አይነግረውም።

ስለዚህ ከባንኩ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ወለድ በተለወጠ ቁጥር፣ ተጨማሪ ገንዘብ በገባ ቁጥር አዲስ ሰሌዳ ማሳተም። የብድር ኦፊሰሩን በትሕትና ግን አጥብቃችሁ ጠይቁት። ሲስተሙ ውስጥ ያለው ሰሌዳ ተስተካክሎ ሳለ የእናንተ እጅ ላይ አሮጌው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የስልክ አፕ

ከመበደር በፊት ለማሰብ አፕን የሚያህል የለም። ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ሦስት ቁጥር ታስገባላችሁ፣ ወርሃዊ ክፍያው ወዲያው ይመጣል። አብዛኞቹ ነፃ አፖች ግን የሚቀበሉት አንድ ወለድ ብቻ ነው። ወለዱ ሲጨምር 16ቱን አጥፍታችሁ 18 ስትጽፉ አፑ ብድሩ ከመጀመሪያው ቀን በ18 እንደተወሰደ አድርጎ ይቆጥረዋል። ወርሃዊ ክፍያውን 10,845.72 ይላችኋል፤ የ12ኛው ወር ቀሪውንም ወደ 217,244 ብር ያደርሰዋል። ያልተበደራችሁትን 1,835 ብር ዕዳ ጨመረባችሁ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወለዱ በተለወጠበት ቀን የቀረውን ዕዳ እንደ አዲስ ብድር አስገቡት፦ 215,409 ብር፣ 24 ወር፣ 18 በመቶ። ያኔ 10,754 ይመጣል።

አፕ በገንዘብ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ይህንኑ ምሳሌ መፈተኛ አድርጉት። ወለዱን በ13ኛው ወር፣ 40,000ውን በ15ኛው ወር ማስገባት ከቻላችሁ፣ ከ15ኛው ወር በኋላም ቀሪው 152,500 ብር ከሆነ አፑ ሥራውን ያውቃል። የጥቂት ሳንቲም ልዩነት አያሳስብም። በመቶዎች ብር የሚለይ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡበት።

የራስ ኤክሴል

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ቀን ትንሽ ጊዜ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ግን በወር አንድ ጊዜ ማየት ብቻ ነው። በጉግል ሺትስም በስልክ ይሠራል። ሰባት ዓምድ ይበቃል፦ ወር፣ መነሻ ዕዳ፣ የዓመት ወለድ፣ የወሩ ወለድ፣ ክፍያ፣ ተጨማሪ ክፍያ፣ ቀሪ ዕዳ። በሁለተኛው ረድፍ ላይ ወሩን 1፣ መነሻ ዕዳውን 300000፣ ወለዱን 16% ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ፦

```
D2: =ROUND(B2*C2/12,2)
E2: =ROUND(-PMT(C2/12,37-A2,B2),2)
G2: =B2+D2-E2-F2
B3: =G2
E3: =MIN(IF(C3<>C2,ROUND(-PMT(C3/12,37-A3,B3),2),E2),B3+D3)
```

የወር ቁጥሩን እስከ 36፣ ወለዱንም በየረድፉ ሙሉ። D2ን እና G2ን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ቅዱ፤ ከዚያ የሦስተኛውን ረድፍ ቀመሮች ብቻ፣ ማለትም B3ን፣ D3ን፣ E3ንና G3ን፣ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ጎትቷቸው። ወለዱ ሲለወጥ ከዚያ ወር ጀምሮ C ዓምድ ላይ አዲሱን ቁጥር ትጽፋላችሁ። ተጨማሪ ስትከፍሉ F ላይ ታስገባላችሁ። ሌላው ራሱ ይሠራል።

ዋናው ያለው E3 ላይ ነው። ይህ ቀመር ክፍያውን እንደገና የሚያሰላው ወለዱ ሲለወጥ ብቻ ነው። ተጨማሪ ገንዘብ ስታስገቡ ወርሃዊ ክፍያው ባለበት ይቆያል፣ ብድሩ ቶሎ ያልቃል። በተቃራኒው የE2ን ቀመር እስከ ታች ብትጎትቱት ተጨማሪ በገባ ቁጥር ክፍያው ይቀንሳል፣ ብድሩ ግን እስከ 36ኛው ወር ይሄዳል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ40,000ው በኋላ ወለዱ እንደገና ከተለወጠ E3 ክፍያውን መልሶ እስከ 36ኛው ወር ይዘረጋዋል። ያን ጊዜ ባንኩ የነገራችሁን አዲስ ክፍያ በእጅ ጻፉበት።

ጊዜው ይጠር ወይስ ክፍያው ይቀንስ?

ባንክ ገብታችሁ 40,000 ብር ስትከፍሉ የሚጠየቀው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ሳይጠየቅ ቢቀር እንኳ እናንተ ጠይቁ፤ ምክንያቱም ባንኩ በራሱ ልማድ አንዱን ይመርጥላችኋል። በ15ኛው ወር፣ 40,000ው ከገባ በኋላ፣ ቀሪው 152,500.14 ብር ነው። ከዚያ ሁለቱ መንገዶች እንዲህ ይለያያሉ፦

| | ክፍያው ይቆይ፣ ጊዜው ይጠር | ጊዜው ይቆይ፣ ክፍያው ይቀንስ |
|---|---|---|
| ወርሃዊ ክፍያ | 10,754 ብር | 8,520 ብር |
| የሚያልቅበት ወር | 32ኛው | 36ኛው |
| ከዚህ በኋላ የሚከፈል ወለድ | 20,250 ብር | 26,409 ብር |
| 40,000ው ያተረፈው ወለድ | 13,087 ብር | 6,927 ብር |

በቁጥር ካየነው የመጀመሪያው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ያተርፋል። ለባለጀልባው ግን ወሮቹም ይናገራሉ። 32ኛው ወር ሰኔ ነው። ጊዜውን ካሳጠረ በሰኔ የሚቀረው ክፍያ 684 ብር ብቻ ሆኖ ከአሁን በኋላ ያለው ሁለተኛው ክረምት ሳይገባ ከዕዳ ነፃ ይወጣል። በክረምት ተሳፋሪ ሲቀንስ፣ ጣናም ሲናወጥ፣ የባንክ ክፍያ የለበትም። ሁለተኛውን መንገድ ከመረጠ ደግሞ ሁለቱንም ክረምት 8,520 ብር እየከፈለ ያልፋል።

ጥያቄው የመጀመሪያው ክረምት ነው። ከ20ኛው ወር ጀምሮ በየወሩ 10,754 ብር ማውጣት የማይችል ሰው ጊዜ አሳጥሮ ክፍያ ቢያሳልፍ ቅጣቱ ያተረፈውን ይበላበታል። ለዚያ ሰው የ2,235 ብር ወርሃዊ እፎይታ ይሻላል። የመጀመሪያውን ክረምት የሚያሻግር ቁጠባ ካለው ግን ጊዜውን ቢያሳጥር ይሻላል እላለሁ። እንደ ሱቅ ዓመቱን ሙሉ ገቢው ለማይዋዥቅ ሰውማ ብዙም የሚያመራምር አይደለም፤ ማሳጠር ነው።

ገንዘቡ ዋናው ላይ ማረፉን ማየት

እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት 40,000ው በትክክል ከዋናው ዕዳ ላይ ከተቀነሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ይገባና ሲስተሙ በየወሩ የተለመደውን 10,754 ብር ብቻ ከዚያ እየቆረጠ ይሄዳል። ወይም የቀጣይ ወራት ክፍያ ተብሎ ይመዘገባል፤ ከሦስት ወር ተኩል በላይ ክፍያ አይጠየቅም፣ የሚተርፍ ወለድ ግን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ስትከፍሉ «ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነስልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ውላችሁ ቀድሞ ለሚከፈል ገንዘብ ቅጣት እንዳለውም አስቀድማችሁ እዩ፤ ካለ ቅጣቱን ከ13,087 ብሩ ላይ ቀንሱት።

ማረጋገጫው የ16ኛው ወር ወለድ ነው። 40,000ው ዋናው ላይ ካረፈ የወሩ ወለድ 2,287.50 ብር ይሆናል። ካላረፈ 2,887.50 ይሆናል። የ600 ብር ልዩነት ነው፤ ስቴትመንቱ ላይ ፍለጋ አያስፈልገውም።

ከዚህ ያነሰ ልዩነት ካያችሁ ግን አትደንግጡ። አንዳንድ ባንክ ወለድን በወር ሳይሆን በቀን ይቆጥራል። 300,000 ብር በ16 በመቶ፣ ዓመቱ 365 ቀን ተብሎ ሲሰላ፣ የ30 ቀን ወለዱ 3,945 ብር፣ የ31 ቀኑ 4,077 ብር ነው፤ የእኛ ኤክሴል ደግሞ ሁልጊዜ 4,000 ይላል። ባንካችሁ በቀን የሚቆጥር ከሆነ D ዓምድን በቀን አድርጉት፤ B2*C2/12 የሚለውን በB2*C2*H2/365 ተክታችሁ H ላይ ከአንዱ ክፍያ እስከ ቀጣዩ ያለውን ቀን ጻፉ። እንዲህ ባለ ባንክ ተጨማሪውን ገንዘብ የወሩ መክፈያ ቀን እስኪደርስ ይዞ መቆየት ኪሳራ ነው። 40,000 ብር በ18 በመቶ በቀን ወደ 20 ብር ወለድ ይቆጥራል፤ እጃችሁ በገባ ማግስት ክፈሉት።