የገበሬ መሬት፣ የሊዝ ቦታ ወይስ ካርታ ያለው ቤት?

ደብረ ብርሃን መሬት ልትገዙ ብትሄዱ ደላላው ቀድሞ የሚወስዳችሁ ከተማው ዳር ወዳለ የገበሬ መሬት ነው። ማሳው በካስማ ተከፋፍሏል፣ ዋጋውም ያጓጓል። ሰነድ ስትሉት ምስክሮች የፈረሙበት አንድ ወረቀት ያወጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ ጠብ ቢነሳ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት አያስጥላችሁም። ከተማው ሰፍቶ ቦታውን ሲወስድም ካሳው የሚሄደው በስሙ ለተመዘገበው ገበሬ ነው። መልሳችሁ ልትሸጡት ብትሉ ደግሞ እንደ እናንተው ደፋር ሰው መፈለግ አለባችሁ።

የሊዝ ቦታ ሕጋዊ ነው። ባዶውን ይዞ ዋጋ እስኪጨምር መጠበቅ ግን አያዋጣም። 200 ካሬ በ1 ሚሊዮን ብር ጨረታ አሸንፋችሁ እስካሁን 200 ሺህ ከፍላችኋል እንበል። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ በ2 ሚሊዮን የሊዝ ዋጋ ብታስተላልፉት፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሚደርሳችሁ የከፈላችሁት 200 ሺህ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራችሁት ካለ ግምቱ፣ እና የ2 ሚሊዮኑ 5 በመቶ፣ ማለትም 100 ሺህ ነው። ሌላው ትርፍ የእናንተ አይደለም። በጊዜው ካልገነባችሁ ደግሞ ቦታው ሊነጠቅ ይችላል።

ብዙ ሻጭ ይህን ለመሸሽ «በውክልና እንጨርስ» ይላል። ካርታው በሱ ስም ይቀራል፣ እናንተ ውክልና ትይዛላችሁ። ሻጩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል፤ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ከዚያ ወራሾቹን መለማመጥ ነው።

እኔ ብሆን በዚያው ገንዘብ ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ያረፈ፣ ካርታ ያለው ቤት እገዛለሁ። ቤቱ የግል ንብረት ስለሆነ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። ስትሸጡትም በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ይመጣላችኋል፤ በምስክሮች ፊርማ ብቻ የተገዛውን የገበሬ መሬት ግን ባንክ መያዣ አያደርግላችሁም። ይዞታው በሊዝ ያልተያዘ ነባር ከሆነ ግን በሽያጭ ስም ሲዞር ወደ ሊዝ እንደሚገባ አስቡ፤ የሊዝ ክፍያውን ሳትጠይቁ ዋጋ አትቁረጡ።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ከሻጩ ጋር መሬት አስተዳደር ቢሮ ሂዱና ፋይሉን አስወጡ። የካርታ ኮፒ ብቻ አይታችሁ አትመኑ። የፍርድ ቤት እግድ ወይም የባንክ መያዣ አለበት ወይ? ውዝፍ የሊዝ ክፍያስ? ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር አጋሩ መፈረም አለባት፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ቦታውን ለኩት። ካርታው 200 ካሬ ብሎ አጥሩ 230 ከከለለ፣ 30ው ካሬ ምናልባት የመንገድ ወይም የጎረቤት ነው፤ ዋጋ ስትነጋገሩ በ200 ካሬው ተነጋገሩ።