የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በአማርኛ ለማናገር አዲስ አበባ ያገኘሁት አገልግሎት

በነርስነት የምሠራበት የሜሪላንድ ክሊኒክ በእስክሪብቶ መልክ የተሠራውን የኢንሱሊን መርፌ አጠቃቀም የሚያስተምር የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አለው። ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የማይገባቸው የአገሬ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ክሊኒኩን አስፈቅጄ ለእረፍት አዲስ አበባ ስገባ ቪዲዮውን በአማርኛ ለማስቀዳት ወሰንኩ። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ከጀመረ ወዲህ በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነበርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ስቱዲዮ ዋጋው ርካሽ፣ ሥራው ፈጣን ነበር። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ግን ከእንግሊዝኛው ስለረዘመ የድምፁን ፍጥነት በኮምፒውተር ጨምረው በግድ አስገብተውታል። ድምፅ በጥቂቱ ቢፈጥን ማንም አያስተውልም። እዚህ ግን የሚጠብቁት ፊደላት ሁሉ ላልተው ስለሚሰሙ ተናጋሪዋ የምትሮጥ ትመስላለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ድምፅ ሲያጠፉ አብሮ የጠፋው ነገር ነው። መጠኑ ሲሞላ መርፌው «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል፤ ዓይኑ የደከመ ታካሚ መጠኑን ሲያረጋግጥ ይህንን ድምፅም ያዳምጣል። በእነርሱ ቅጂ በቪዲዮው የምታስተምረው ነርስ መርፌውን ታዞራለች፣ ምንም አይሰማም። ልታረሙት ትችላላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ «ማን ያስተውለዋል?» አሉኝ።

ሁለተኛው ስቱዲዮ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተሸፍኗል፤ ጄኔሬተር አላት። ባለሙያው ማይክሮፎን ከመክፈቱ በፊት ግማሽ ቀን ከወረቀትና ከሰዓት ጋር ተቀመጠ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ሰከንድ መዝግቦ ከጎኑ አማርኛውን ጻፈ፤ ጮክ ብሎ እያነበበም ለካው። ነርሷ ደፍረስ ያለውን ኢንሱሊን በመዳፏ እያንከባለለች የምትናገረው አራት ሰከንድ ይወስዳል። የመጀመሪያው ትርጉም «የኢንሱሊኑን መርፌ በሁለቱ መዳፎችዎ መካከል አድርገው ቀስ ብለው ያንከባልሉት፤ በፍጹም እንዳይነቀንቁት» ይል ነበር። በተረጋጋ አንደበት ሲነበብ ከስድስት ሰከንድ አለፈ። ምስሉ መርፌውንም ሁለቱን መዳፎችም እያሳየ ስለሆነ እነርሱን መዘርዘር አያስፈልግም ብሎ «በመዳፍዎ ቀስ አድርገው ያንከባልሉት፤ አይነቅንቁት» አደረገው። ልክ አራት ሰከንድ። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ «አንከባልለው» እንዲል አልፈቀድኩለትም፤ ተመልካቾቼ አባቶችና እናቶች ናቸው።

ያስገረመኝ ግን የእጅ ምልክቱ ጉዳይ ነው። ነርሷ መወጊያውን ቦታ የምትጠቁመው ንግግሯ መጨረሻ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛው ቦታውን የሚጠራው ከግሱ በኋላ ነውና። በአማርኛ «ሆድዎ ወይም ጭንዎ ላይ ይውጉ» ሲባል እጇ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳለ «ሆድ» የሚለው ይሰማል። ርዝመቱ ልክ ሆኖም ምስሉና ቃሉ ተላለፉ። ባለሙያው «መርፌውን የሚወጉት ሆድዎ ወይም ጭንዎ ላይ ነው» ብሎ ገለበጠውና ጣቷ ሆዷ ላይ ሲያርፍ ቃሉም አብሮ ደረሰ። እንዲህ ያለውን ስህተት ጽሑፉን ብቻ የሚያርም ሰው ፈጽሞ አያገኘውም፤ ቪዲዮውን ያለ ወረቀት ማየት ያስፈልጋል።

ከንፈር ማመሳሰሉ ብዙም አላስቸገረም። ፊቷ በቅርብ የሚታየው ሰላምታና ስንብት ላይ ብቻ ነው። እዚያ ከንፈሯ የሚገጥምበት ቦታ «ም» ወይም «ብ» እንዲውል ቃላት ተመረጡ፤ ሌላው በእጅ ምስል ስር አለፈ።

መርፌውን ከመንቀሏ በፊት እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ ኢንሱሊኑ በሙሉ እንዲገባ ነው። ድምፅ የሰጠችው ወጣት ለዓመታት የሠራች ባለሙያ ብትሆንም መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ ቆጥራ ጨረሰችው። ታካሚው እርሷን ተከትሎ ስለሚቆጥር ይህ ከማንኛውም ስህተት የከፋ ነው። ባለሙያው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስቀድቶ እያንዳንዱን ነርሷ ጣቷን ከምታጥፍበት ቅጽበት ጋር አገጣጠመ። የጠፋውን «ቀጭታ» ደግሞ ይዤው የሄድኩትን ባዶ የማሳያ መርፌ ማይክሮፎን አጠገብ እያዞረ እንደገና ቀዳው።

ክሊኒኩ ሙዚቃውንና ሌሎቹን ድምፆች ከንግግሩ ለይቶ ቢያስቀምጥ ኖሮ ቀጭታውን እንደገና መቅዳት ባላስፈለገ ነበር። ቪዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው ከሁሉ በፊት ይህንን ለብቻው የተቀመጠ ፋይል ከባለቤቱ ይጠይቅ።

ክፍያው ከመጀመሪያው ስቱዲዮ በእጥፍ ይበልጣል፤ ቀጠሮም አጥብቀው አያከብሩም፣ ሁለት ጊዜ በር ላይ ቆሜ ጠብቄአለሁ። ያም ሆኖ ያስረከቡኝ ሙሉ ሥራ ነው፦ የተጠናቀቀው ቪዲዮ፣ የአማርኛው ድምፅ ብቻውን፣ ሰከንዶቹ የተጻፉበት ወረቀት። የመርፌው አሠራር ቢለወጥ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀድቶ መተካት ይቻላል፤ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁኝም።