የሳሎን ትዕይንት ለካታሎግ፦ በጽሑፍ ብቻ ወይስ ከሶፋው ፎቶ ጋር?

ትዕይንቱን በምስል ሠሪ ኤአይ ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ፤ ሁሉንም በጽሑፍ መግለጽ፣ ወይም የሶፋውን እውነተኛ ፎቶ ሰጥቶ ክፍሉን ብቻ ማሠራት።

በጽሑፍ ብቻ ሲሆን ብርሃኑ ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ ይስማማል፤ «ከግራ መስኮት በስስ መጋረጃ የሚገባ የጠዋት ብርሃን» ማለት ይበቃል። የሚያስቸግረው ጨርቁ ነው። «የሚያምር ሶፋ» ከተባለ ፕላስቲክ የመሰለ ልሙጥ ገጽ ይወጣል፤ «ሸካራ የሊነን ሽመና፣ ስፌቱ አጠገብ ትንሽ የተጨማደደ» ይሻላል። ክሩ ከሩቅ እየተለየ ከታየ ግን ሶፋው የአሻንጉሊት ይመስላል። የኤአይ ሞዴሉ ሴንቲሜትር ስለማይለካም «220 ሴንቲሜትር» ከማለት «ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ፊቱ ያለው ጠረጴዛ ከመቀመጫው ትንሽ ዝቅ ያለ» ማለት መጠኑን ያስተካክላል።

ፎቶ ሲሰጥ ጨርቁ የዕቃው የራሱ ነው፤ ለሚሸጥ ሶፋ የምንመርጠውም ይህንን ነው፣ ገዢው የሚጠብቀው ያየውን ጨርቅ ነውና። እዚህ የሚበላሸው ብርሃኑ ነው። ከቀኝ በርቶለት የተነሣ ሶፋ መስኮቱ በግራ ከተጻፈ የተለጠፈ ይመስላል። ስለዚህ የክንድ መደገፊያው ጥላ ወዴት እንደወደቀ አይቶ መስኮቱን በተቃራኒው ወገን መጻፍ ነው። ሶፋው በማስክ፣ ማለትም የማይነካውን ቦታ ለኤአዩ በሚለይ ሽፋን፣ ካልተከለለ ደግሞ ሞዴሉ ስፌቱን ሊለውጠው ይችላል፤ ውጤቱን አጉልቶ ከፎቶው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።